የቅርብ ጊዜ ውጤቶች የሚበልጡበት የትምህርት አማካይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዳንድ መምህራንና የውጤት መመዝገቢያ ሥርዓቶች የተማሪን አማካይ ሲያሰሉ ሁሉንም ፈተናዎች በእኩል ዓይን አያዩም፤ በቅርቡ የተገኘው ውጤት ከቀደሙት የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ያደርጋሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከራሳቸው ከመምህራን ዘንድ በብዛት የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ በተለይ የሚያተኩሩት በብዛት በሚሠራበት ስሌት ላይ ነው፤ እርሱም አዲስ ውጤት በመጣ ቁጥር የቀድሞውን አማካይ በተወሰነ መጠን እያሳነሰ የሚሄደው ነው።

ይህ አማካይ ከተለመደው አማካይ በምን ይለያል?

የተለመደው አማካይ ውጤቶችን ደምሮ በብዛታቸው ያካፍላል። ስለዚህ ትምህርቱ ገና በተጀመረበት ሳምንት የተገኘ 40 እና በመጨረሻው ሳምንት የተገኘ 85 እኩል ድምፅ አላቸው፤ ቦታ ቢለዋወጡም መልሱ አይለወጥም። ወደ ቅርብ ውጤቶች የሚያደላው አማካይ ግን ቅደም ተከተልን ይቆጥራል። የሚመልሰውም ጥያቄ የተለየ ነው። ተራው አማካይ «ተማሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ በጠቅላላ እንዴት ነበር?» ለሚለው መልስ ሲሆን፣ ይኸኛው «ተማሪው አሁን ምን ያህል ይችላል?» ለሚለው የሚሰጥ ግምት ነው። ብዙ ክርክር የሚነሣው አንዱን ቁጥር ይዞ የሌላውን ጥያቄ ለመመለስ ከመሞከር ነው።

ዘዴው ከትምህርት ቤት የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮበርት ብራውንና ቻርልስ ሆልት በየበኩላቸው የዕቃ ፍላጎትን ለመተንበይ የተጠቀሙበት ስሌት ነው። የዛሬ ወር ሽያጭ ከዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ስለ መጪው ወር የበለጠ ይናገራል የሚለው ሐሳብ፣ የትናንቱ ፈተና ከመጀመሪያው ፈተና ይልቅ ስለ ተማሪው የዛሬ ችሎታ የበለጠ ይናገራል ወደሚለው ተሸጋገረ።

ስሌቱ በተግባር እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ለአዲሱ ውጤት የሚሰጠው ድርሻ ይወሰናል። በብዛት የሚገኘው 65 በመቶ ነው፤ ካንቫስ የተባለው የመማሪያ ሥርዓትም በክህሎት መዝገቡ ላይ መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። የቀረው 35 በመቶ እስከዚያ ድረስ ለተጠራቀመው አማካይ ይተዋል። አዲስ ውጤት ሲመጣ ውጤቱ በ0.65 ይባዛል፣ የቀድሞው አማካይ በ0.35 ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። የመጀመሪያው ውጤት ቀዳሚ ስለሌለው እንዳለ አማካይ ሆኖ ይጀምራል።

አንድ ተማሪ ክፍልፋዮችን በማካፈል ላይ አምስት ጊዜ ተፈትኖ በቅደም ተከተል 40፣ 55፣ 60፣ 80 እና 85 አገኘ እንበል። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ አማካዩ 40 ነው። ሁለተኛው ፈተና ሲገባ የ55 ድርሻ 35.75፣ የ40 ድርሻ 14 ሆኖ ድምሩ 49.75 ይሆናል። ሦስተኛው ሲገባ የ60 ድርሻ 39፣ የቀድሞው አማካይ ድርሻ 17.41 ነውና አማካዩ 56.41 ላይ ይደርሳል። በተመሳሳይ መንገድ ከአራተኛው በኋላ 71.74፣ ከአምስተኛው በኋላ 80.36 ይሆናል።

የእነዚህ አምስት ውጤቶች ተራ አማካይ 64 ነው። ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ፈተናዎች 80 እና 85 እያገኘ መዝገቡ 64 ቢል፣ ያ ቁጥር ዛሬ ስለሚችለው ነገር ብዙም አይነግረንም፤ ከነአካቴው በዚያ አካባቢ የተመዘገበ ውጤቱ 60 ብቻ ነው፣ እርሱም አልፎታል። አሁን ደግሞ ውጤቶቹን ገልብጠን ከ85 ጀምሮ እስከ 40 የወረደ ሌላ ተማሪ እናስብ። ተራ አማካዩ ያው 64 ሲሆን ወደ ቅርቡ የሚያደላው ግን 46.80 ነው። ተራው አማካይ ሊለያቸው ያልቻለው ሁለት ተማሪዎች እዚህ ላይ ከ33 ነጥብ በላይ ተራራቁ።

የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ጨርሰው ይጠፋሉ ማለት ነው?

በሒሳብ ረገድ አይጠፉም፤ በተግባር ግን ይጠፋሉ ማለት ይቻላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ የመጨረሻው ውጤት 65 በመቶ፣ ከእርሱ በፊት ያለው 22.75 በመቶ፣ ሦስተኛው 8 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው ከ3 በመቶ ያነሰ፣ የመጀመሪያው 1.5 በመቶ ብቻ ይይዛሉ። በእያንዳንዱ አዲስ ፈተና የቀደሙት ሁሉ ድርሻቸው በ0.35 እየተባዛ ያንሳል። የውጤቶቹ ቁጥር ከአራት እስካለፈ ድረስ፣ ስድስትም ይሁኑ ሃያ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ከጠቅላላው 96 በመቶ ገደማ ይይዛሉ።

ስለዚህ 65 በመቶ የሚጠቀም መዝገብ «ሙሉውን ሴሚስተር ያገናዘበ» ነው ብሎ መናገር አንባቢን ያሳስታል። በእውነቱ የሦስት ፈተና ትዝታ ያለው መዝገብ ነው፤ ይህንንም ለተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

ሁለት መዝገቦች ሁለቱም «65 በመቶ» እያሉ የተለያየ ቁጥር ሰጡኝ። የተሳሳተው የትኛው ነው?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ስሌቶች አሉና። አንደኛው ከላይ ያየነው ነው፤ የቀድሞው አማካይ ራሱ በየደረጃው ወደ ቅርቡ እያደላ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ስሌት የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነጥሎ 65 በመቶ ይሰጠውና፣ የቀሩትን ሁሉ በተራ አማካይ አጠቃልሎ 35 በመቶ ይሰጣቸዋል።

በዚያው ተማሪ ላይ ልዩነቱን እንየው። የ40፣ የ55፣ የ60 እና የ80 ተራ አማካይ 58.75 ነው። የዚህ 35 በመቶ 20.56፣ የ85 ደግሞ 65 በመቶ 55.25 ስለሆነ ውጤቱ 75.81 ይመጣል። በመጀመሪያው ስሌት ግን 80.36 ነበር። የአራት ነጥብ ተኩል ልዩነት የመጣው ከመጨረሻው በፊት ከነበረው 80 ነው፤ በአንደኛው ስሌት ብቻውን ወደ 23 በመቶ ሲይዝ፣ በሁለተኛው ግን ከ40 ጋር እኩል ከ9 በመቶ ያነሰ ይደርሰዋል።

በእኔ አመለካከት ሁለተኛው ስሌት አንድ ግርታ አለው። አንድ ውጤት ዛሬ 65 በመቶ ይይዝና ነገ ሌላ ፈተና ሲመጣ በአንድ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ወደ ተራ ረድፍ ይወርዳል፤ ቀስ በቀስ የሚያረጅበት መንገድ የለም። ያም ሆኖ በወረቀት ለማስላትና ለወላጅ ለማስረዳት የቀለለው እርሱ ነው። ዋናው ነገር የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ በጽሑፍ መታወቁ ነው፤ «65 በመቶ» ብቻ ብሎ ማለፍ በቂ መግለጫ አይደለም።

አማካዬ በአንድ ፈተና ምክንያት ከ82 ወደ 61 ወረደ። ይህ ስሕተት አይደለም?

የስሌት ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ይልቁንስ የዘዴው ትልቁ ድክመት የሚታይበት ቦታ ነው። አንድ ተማሪ 70፣ 75፣ 80 እና 85 አግኝቶ አማካዩ 82.42 ሲደርስ በአምስተኛው ፈተና ታሞ 50 አገኘ እንበል። የ50 ድርሻ 32.5፣ የቀድሞው አማካይ ድርሻ 28.85 ይሆንና አማካዩ ወደ 61.35 ይወርዳል። ተራ አማካዩ ግን 72 ነው። አራት ጊዜ ያለማቋረጥ ከፍ እያለ የመጣን ተማሪ አንድ መጥፎ ቀን ሃያ አንድ ነጥብ አሳጣው።

ዘዴው «ችሎታው ወረደ» እና «ያ ቀን መጥፎ ነበር» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለይቶ አያውቅም። ሁለቱም በቁጥር መልክ አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ። መለየት የሚችለው ሰው ነው፤ መንገዱም በዚያው ክህሎት ላይ አጭር ተጨማሪ ፈተና መስጠት ነው። ተማሪው በተጨማሪው ፈተና 85 ቢያገኝ አማካዩ ወደ 76.72 ይመለሳል። ልብ በሉ፣ ያም ቢሆን ወደ 82 አልተመለሰም፤ የ50ው ጥላ ገና 22.75 በመቶ ይከብዳል። መምህሩ ሕመሙን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ካለው 50ውን ከረድፉ ማውጣት ይበልጥ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ያ ውጤት የሚለካው ሕመሙን እንጂ ክፍልፋይ የማካፈል ችሎታውን አይደለም።

ችግሩ የሚከፋው አደጋው የመጨረሻው ፈተና ላይ ሲደርስ ነው። በመካከል የደረሰ አደጋ የሚሸፍነው ሌላ ውጤት ይመጣለታል፤ በመጨረሻ የደረሰ ግን ካርዱ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ታዲያ ድርሻው ስንት ቢሆን ይሻላል?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ግን መታየት አለባቸው። ድርሻው ከፍ ባለ ቁጥር አማካዩ የተማሪውን ለውጥ በፍጥነት ይከተላል፣ ነገር ግን በአንድ ፈተና አጋጣሚ ይናወጣል። ዝቅ ባለ ቁጥር ይረጋጋል፣ ነገር ግን ከተማሪው ኋላ ይጎተታል።

መናወጡን እንዲህ ማየት ይቻላል። ማንኛውም ፈተና በዕድል፣ በጥያቄ ምርጫና በዕለቱ ሁኔታ የተነሣ ወዲያና ወዲህ ይላል። አሥር ፈተናዎችን በተራ አማካይ ስናጠቃልል ይህ መወዛወዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በ65 በመቶ ድርሻ የተሠራ አማካይ ግን፣ ሃያ ፈተና ቢሰጥም እንኳ፣ የመረጋጋት መጠኑ የሁለት ፈተናዎችን ተራ አማካይ ያህል ብቻ ነው። ድርሻው ወደ 30 በመቶ ቢወርድ የአምስት ተኩል ፈተናዎች ያህል ይረጋጋል። በሌላ በኩል ተማሪው በየፈተናው በ10 ነጥብ እያደገ ቢሄድ፣ የ65 በመቶው አማካይ ከመጨረሻው ውጤት 5.4 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ይከተለዋል፤ የ30 በመቶው ግን ወደ 23 ነጥብ ድረስ ወደ ኋላ ይቀራል። ስሌቱ ያለፈውን ያመዛዝናል እንጂ ነገን አይተነብይም፤ ስለዚህ በማያቋርጥ ዕድገት ላይ ያለ ተማሪ ሁልጊዜ ከእውነተኛ ደረጃው በትንሹ ዝቅ ብሎ ይመዘገባል።

ፈተናዎቹ አጫጭር ከሆኑና እያንዳንዱ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ብቻ ከያዘ፣ እኔ ከ40 በመቶ በላይ መውጣትን አልመርጥም። ከላይ ታሞ 50 ያገኘውን ተማሪ በ40 በመቶ ብናሰላው አማካዩ ከ79.12 ወደ 67.47 ይወርድ ነበር፤ ይጎዳል፣ ግን በግማሽ ያህል።

ዝቅተኛ ድርሻ የሚመርጥ ሰው ግን አንድ ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው ውጤት እንዳለ አማካይ ሆኖ ስለሚጀምር፣ ድርሻው ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ያ ውጤት ያልታሰበ ክብደት ይይዛል። በ30 በመቶ ድርሻ ሁለት ፈተና ብቻ ሲኖር አዲሱ 30፣ የመጀመሪያው 70 በመቶ ይይዛሉ፤ ከታሰበው ተገለበጠ ማለት ነው። አምስት ፈተና ሲኖር እንኳ የመጀመሪያው 24 በመቶ ሲይዝ ከመጨረሻው በፊት ያለው አራተኛው 21 በመቶ ብቻ ነው። መፍትሔው ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠሩ 1፣ 0.7፣ 0.49፣ 0.343፣ 0.2401 እያሉ ክብደት መስጠትና እያንዳንዱን ለድምሩ ለ2.7731 ማካፈል ነው። በዚህ መንገድ የመጨረሻው 36 በመቶ፣ የመጀመሪያው 8.7 በመቶ ገደማ ይደርሳቸዋል፤ ቅደም ተከተሉም እንደታሰበው ይሆናል።

ያልቀረበ ሥራ እንዴት ይመዘገባል?

ባዶ ይተው፤ ዜሮ አይግባ። በተራ አማካይ ዜሮ ከባድ ነው፣ እዚህ ግን ቦታው ከባድነቱን ይወስናል። አማካዩ 82.42 ለደረሰ ተማሪ መጨረሻ ላይ ዜሮ ቢገባ ወደ 28.85 ይወድቃል። ያው ዜሮ በመጀመሪያው ሳምንት ቢገባ ኖሮ ከአራት ፈተና በኋላ ዱካው እንኳ በግልጽ አይታይም ነበር። ለአንድ ዓይነት ጥፋት እንዲህ የሚራራቅ ቅጣት ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል። ሥራ አለማቅረብ ራሱ መመዝገብ ካለበት ከችሎታው ቁጥር ተለይቶ በሌላ ዓምድ ይመዝገብ።

በኤክሴል የሚሠሩ መምህራን ሳያስቡት በዚህ ችግር ይወድቃሉ፤ ባዶ ሴል በማባዛት ውስጥ ሲገባ እንደ ዜሮ ይቆጠራልና። ውጤቶቹ በ`B` ዓምድ ከ`B2` ጀምሮ ወደ ታች ከተደረደሩ የሚከተለው ቀመር ባዶውን ይዘላል፦

```
C2:  =B2
C3:  =IF(B3="", C2, 0.65*B3 + 0.35*C2)
```

`C3` ወደ ታች ይጎተታል። `B2` ብቻ ባዶ መሆን የለበትም፤ ተማሪው በመጀመሪያው ፈተና ካልተገኘ ረድፉ ከተፈተነበት የመጀመሪያ ቀን ይጀምር።

«የቅርብ ጊዜ» የሚባለው በየትኛው ቀን ነው?

ተማሪው ሥራውን በሠራበት ቀን መሆን አለበት። መዝገቦች ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቀን ይይዛሉ፤ አንዳንዱ የማስረከቢያውን ቀነ ገደብ፣ አንዳንዱ መምህሩ ያረመበትን፣ አንዳንዱ ቁጥሩ የገባበትን። በተራ አማካይ ይህ ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉንም ነገር ይለውጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ረስቼ የቀሩትን አራቱን ካረምኩ በኋላ አገኘሁትና በመጨረሻው ረድፍ አስገባሁት። ከላይ 80.36 ያገኘው ተማሪ ዓይነት ውጤት የነበራት አንዲት ተማሪ፣ 40ዋ የመጨረሻ ሆኖ ስለተቆጠረ አማካይዋ 54.20 ሆነ። አንድም ውጤት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው፣ ሃያ ስድስት ነጥብ ግን ሄደ። እርሷ መጥታ «መምህር፣ እኔ እኮ እያሻሻልኩ ነበር» ባትለኝ ኖሮ አላየውም ነበር፤ መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነውና በመደበኛው ማመሳከር አይገኝም።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ተራው አማካይና ወደ ቅርቡ የሚያደላው አማካይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በየጊዜው የተሻሻለ ተማሪ ሁለተኛው ከመጀመሪያው መብለጥ አለበት። እየተሻሻለ መሆኑ የሚታወቅ ተማሪ ሁለተኛው አንሶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅደም ተከተሉ ነው። እንደገና የተሠራ ፈተና ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ በድጋሚ የተሠራበት ቀን የእውነት አዲስ ማስረጃ ስለሆነ በአዲሱ ቀን መመዝገቡ ትክክል ነው።

የተለያዩ ምዕራፎችን በአንድ ረድፍ ማስላት ይቻላል?

ስሌቱ አይከለክልም፤ ትርጉሙ ግን ይፈርሳል። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ መምህር ቢኖር ይህን ቢያነብ እመርጣለሁ።

አዲሱ ውጤት የቀድሞውን እንዲሸፍን የምንፈቅደው ሁለቱ አንድን ነገር ስለሚለኩ ነው። ክፍልፋይ ማካፈልን ትናንት ያልቻለ ዛሬ ከቻለ፣ የትናንቱ ውጤት ጊዜው አልፎበታል። የዛሬው ፈተና ስለ ሦስት ማዕዘን ስፋት ከሆነ ግን ስለ ክፍልፋይ ምንም አዲስ ነገር አልነገረንም፤ ታዲያ በምን ሥልጣን የክፍልፋዩን ውጤት ይሽራል?

አንድ ተማሪ በክፍልፋይ 50፣ 70 እና 90፣ ቀጥሎ በጂኦሜትሪ 45 እና 60 አገኘ እንበል። አምስቱን በአንድ ረድፍ ብናሰላ 59.10 ይመጣል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ሦስቱ የክፍልፋይ ፈተናዎች ተደምረው የያዙት 12.25 በመቶ ብቻ ነው፤ የትምህርቱ ግማሽ የነበረው ምዕራፍ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በተጨማሪም ቁጥሩ «ተማሪው እየወረደ ነው» የሚል መልክ ይሰጣል፣ ምክንያቱም 90ን ተከትሎ 45 መጣ። እውነቱ ግን በሁለቱም ምዕራፎች ከዝቅተኛ ጀምሮ እያደገ መሆኑ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ለእያንዳንዱ ክህሎት የራሱን ረድፍ መያዝ ነው። በክፍልፋይ 80.55፣ በጂኦሜትሪ 54.75 ይመጣል። የትምህርቱ ጠቅላላ ውጤት ሲፈለግ ሁለቱ በተራ አማካይ፣ ወይም ለየምዕራፉ በተሰጠው ክብደት ይጠቃለላሉ፤ በእኩል ክብደት 67.65 ነው። ይህ ከ59.10 በስምንት ነጥብ ተኩል ይበልጣል፤ ከዚህም በላይ መምህሩ ቀጥሎ በምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ይነግረዋል።

እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ ክህሎቶች ያሉባቸው ትምህርቶች አሉ፤ ጽሑፍ መጻፍና የውጭ ቋንቋ መናገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በእነዚህ ላይ ሁለተኛው ድርሰት የመጀመሪያውን ችሎታ ሁሉ እንደገና ስለሚጠይቅ አንድ ረድፍ ያስኬዳል። የታሪክ ትምህርት ግን በየምዕራፉ አዲስ ነገር ስለሚያመጣ አንድ ረድፍ አይስማማውም።

ከ10 የሚታረም አጭር ጥያቄና ከ100 የሚታረም ፈተና እኩል ይቆጠራሉ?

ሁለቱም ወደ መቶኛ ተቀይረው ከገቡ፣ አዎ፣ እኩል ይቆጠራሉ፤ በዚህም ምክንያት ከትልቅ ፈተና በኋላ የተሰጠ ባለ አምስት ጥያቄ ወረቀት 65 በመቶ ይይዛል። ይህ እንዳይሆን በአንድ ረድፍ የሚገቡት ምዘናዎች በርዝመትና በክብደት ተቀራራቢ ይሁኑ፤ ለልምምድ ብቻ የተሰጡ የቤት ሥራዎች ከነአካቴው አይግቡ።

ይህ ተማሪዎችን መጀመሪያ ላይ እንዲዘናጉ አያደርግም?

የሚያደርጋቸው አሉ። አሥር ፈተና ባለበት ረድፍ የመጀመሪያው ውጤት ድርሻ ከአንድ በመቶ መቶኛ እጅ እንኳ ያነሰ መሆኑን የተረዳ ተማሪ «በኋላ እደርስበታለሁ» ሊል ይችላል። ሒሳቡ ከእርሱ ጋር ነው። ከእርሱ ጋር ያልሆነው ነገር በኋላ የሚመጣው ፈተና መጀመሪያ ላይ ያመለጠውን ዕውቀት መጠየቁ ነው፤ ይህ ግን ፈተናዎቹ በእርግጥ የቀደመውን የሚጠይቁ ከሆኑ ብቻ ይሠራል። ይህን ችግር ለመሸፈን አንዳንዶች ከሁለቱ አማካዮች የሚበልጠውን ይወስዳሉ። እኔ አልወደውም፤ የወረደውን ተማሪ መውረዱን ደብቆ የማንንም ጥያቄ የማይመልስ ቁጥር ይሰጣል።

በካርዴ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል መሆኑን ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ሦስት ነገሮች ብቻ ያስፈልጋሉ፤ ከመጨረሻው ፈተና በፊት የነበረው አማካይ፣ የመጨረሻው ውጤትና ድርሻው። ድርሻው 65 በመቶ ከሆነ የቀድሞውን አማካይ በ0.35፣ የመጨረሻውን ውጤት በ0.65 አባዝተህ ደምር። መልሱ በመዝገብ ካለው ከአንድ ነጥብ በላይ ከራቀ መጠጋጋት ብቻ አይደለም፤ በሌላኛው የ65 በመቶ ስሌት ሞክረው፣ እርሱም ካልገጠመ በመካከል የገባ ዜሮ ወይም የተዛባ ቀን ፈልግ።

በዚያው መንገድ ወደ ፊትም ማስላት ይቻላል። የምትፈልገውን አማካይ ያዝ፣ ከእርሱ ላይ የአሁኑን አማካይ 35 በመቶ ቀንስ፣ የቀረውን ለ0.65 አካፍል። ታሞ ወደ 61.35 የወረደው ተማሪ 75 ላይ ለመድረስ በሚቀጥለው ፈተና 82.35 ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት 85 ያገኘ ልጅ ነውና ሊደርስበት ይችላል። 90 ከፈለገ ግን ስሌቱ ከ105 በላይ ይጠይቀዋል፤ በአንድ ፈተና 100 ቢያገኝ እንኳ ከ86.47 አያልፍም፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ፈተና ያስፈልገዋል።